ኬንያ 150 ቀን ብቻ ቆይቶ የኬንያ ግብር ነዋሪ መሆን፦ አንድ ነጋዴ ለሁለት አገር የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ከቦረና ገበያዎች ከብት ገዝቶ ኬንያ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ግብር ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ከ183 ቀን በታች ነው የምቆየው፤ ስለዚህ ኬንያ አታገኘኝም»። ዓመቱ 365 ቀን ስለሆነ አንድ ሰው በሁለት አገር ከግማሽ ዓመት በላይ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህም ሁለት አገር ነዋሪ ሊለው አይችልም የሚል ሐሳብ ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ሁለቱም አገሮች የሚቆጥሩት ያንን 183 ቀን ብቻ ቢሆን ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ሌላ መለኪያ አላቸው፤ ነጋዴውም የሚያዘው በዚያ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በግብር ሕግ «ነዋሪ» ማለት ዜጋ ማለት አይደለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ማለትም አይደለም። አንድ ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ለኬንያ ግብር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ኢሚግሬሽን የሰጠው ወረቀትና የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ስም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ሁለቱ ሕጎች ምን ይላሉ?

በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አንድ ግለሰብ በኢትዮጵያ ዋና መኖሪያ ካለው፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ በአገሪቱ ከተገኘ ነዋሪ ነው። ውጭ አገር የተመደቡ ዲፕሎማት ዜጎችም እንደ ነዋሪ ይቆጠራሉ። ዋናው ነገር አንዱ መለኪያ ብቻ መሟላቱ በቂ መሆኑ ነው። ቤተሰቡና ኑሮው ያቤሎ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ውጭ ቢውልም በመጀመሪያው መለኪያ የኢትዮጵያ ነዋሪ ተብሎ ሊቀጥል ይችላል። ነዋሪ ደግሞ ግብር የሚከፍለው አገር ውስጥ ባገኘው ብቻ ሳይሆን ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ነው።

የኬንያ የገቢ ግብር ሕግ ሦስት በሮች አሉት። አንደኛው፣ ኬንያ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ቤት ያለው ሰው በዓመቱ ውስጥ ለጥቂት ቀናትም ቢሆን ከተገኘ ነዋሪ ነው። ሁለተኛው፣ ቋሚ ቤት ባይኖረውም በዓመቱ 183 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ ነዋሪ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ በዚያ ዓመትና ከእሱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት በእያንዳንዳቸው ኬንያ ተገኝቶ፣ የሦስቱ ዓመታት አማካይ ከ122 ቀን ከበለጠ ነዋሪ ነው።

ሦስተኛውን በር ለመፈተሽ ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። የሦስቱን ዓመታት ቀናት ደምሩ፤ ድምሩ ከ366 ከበለጠ በሩ ተከፍቷል።

አንድ ነጋዴ እንውሰድ

ሚስቱና ልጆቹ ያቤሎ የሚኖሩ ነጋዴ እናስብ። በዱቡሉቅና በሌሎች የቦረና ገበያዎች በሬና ግመል ይገዛል፤ በሞያሌ በኩል ያሻግራል፤ ናይሮቢ ዳርቻ በተከራየው በረት አቆይቶ ለቄራዎች ይሸጣል። በፈረንጆቹ 2023 ኬንያ ውስጥ 110 ቀን፣ በ2024 130 ቀን፣ በ2025 ደግሞ 150 ቀን ቆየ። ናይሮቢ ሲያድር አልቤርጎ ነው የሚይዘው።

በየትኛውም ዓመት 183 አልደረሰም። ድምሩ ግን 390 ነው፤ አማካዩ 130። ስለዚህ በ2025 የኬንያ ነዋሪ ነው። በዚያው ዓመት 215 ቀን ኢትዮጵያ ነበር፤ ዋና መኖሪያውም እዚያው ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያም ነዋሪ ነው። ከሁለቱ አገሮች አንዱም አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሕግ በትክክል ነው የሠራበት።

በ2025 ኬንያ የቆየው 126 ቀን ቢሆን ኖሮ ድምሩ ልክ 366 ይሆን ነበር፤ አማካዩም ከ122 አይበልጥም ነበር። በ127ኛው ቀን በሩ ይከፈታል። በሌላ በኩል፣ አልቤርጎውን ትቶ ዓመት ሙሉ የሚጠብቀው ቤት ኢስሊ ቢከራይ፣ ያ ቤት «ቋሚ መኖሪያ» ነው ከተባለ የቀን ቆጠራው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ቤት መከራየት ከ24 ተጨማሪ ቀናት በላይ ሊያስከፍል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነዋሪ መባሉ ምን ይለውጣል?

ነዋሪ ያልሆነ ሰውም ቢሆን ኬንያ ውስጥ ላገኘው ትርፍ ለኬንያ ይከፍላል። ልዩነቱ የሚመጣው ንግዱ ድንበር ሲያቋርጥ ነው። የኬንያ ሕግ አንድ ነዋሪ በከፊል ኬንያ ውስጥ፣ በከፊል ደግሞ ከኬንያ ውጭ የሚያካሂደው ንግድ ካለው፣ ሙሉ ትርፉ ኬንያ ውስጥ እንደተገኘ ይቆጠራል ይላል። ዱቡሉቅ ላይ ገዝቶ ናይሮቢ የሚሸጥ ሰው ንግድ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለ ንግድ ነው። ነጋዴው ነዋሪ ባይሆን ኬንያ የምትጠይቀው የራሷን ድርሻ ነበር፤ ነዋሪ ስለሆነ ግን ሙሉውን ትጠይቃለች።

ኢትዮጵያም በበኩሏ የነዋሪዋ የንግድ ገቢ የኢትዮጵያ ነው ትላለች፤ ከዚህ የሚወጣው ነጋዴው ውጭ አገር «በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት» ኖሮት በእሱ በኩል ያገኘው ትርፍ ብቻ ነው። ይህ ማለት ቋሚ የሥራ ቦታ፣ ለምሳሌ ቢሮ ወይም እንደ ናይሮቢው ያለ በረት ማለት ነው። እንግዲህ ያው አንድ ብር ሁለት ባለቤት አገኘ።

ማካካሻው እስከ ምን ድረስ ይደርሳል?

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ማቃለያ አለው፤ ነዋሪው ከውጭ የንግድ ገቢው ላይ ለሌላ አገር የከፈለውን ግብር ከኢትዮጵያ ግብሩ ላይ እንዲያካክስ ይፈቅዳል። ማካካሻው ግን ጣሪያ አለው፦ በዚያው የውጭ ገቢ ላይ ኢትዮጵያ ከምትጥለው ግብር አይበልጥም።

ቁጥሮቹን ለማቅለል በብር እናስላ፤ የሁለቱ አገሮች የግብር ዓመትም አንድ እንደሆነ እናስብ። የነጋዴው የዓመት ትርፍ 1,000,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ 600,000 ብሩ በናይሮቢው በረት በኩል የተገኘ መሆኑን ማሳየት ይችላል። ኬንያ በሙሉው ላይ 250,000 አስከፈለችው እንበል። ኢትዮጵያ ደግሞ በሙሉው ትርፍ ላይ 300,000 ትጠይቃለች፤ አማካይ ምጣኔው 30 በመቶ ማለት ነው።

የማካካሻው ጣሪያ የ600,000 ሠላሳ በመቶ፣ ማለትም 180,000 ነው። ለኬንያ የከፈለው 250,000 ቢሆንም የሚቀነስለት 180,000 ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ የሚቀረው 120,000 ሲሆን በድምሩ 370,000 ብር ይከፍላል። ያልተካካሰው 70,000 ብር ንጹሕ ድርብ ግብር ነው።

አሁን ደግሞ በረቱን እናንሳው። ነጋዴው ከመኪና ላይ በደላላ በኩል ሸጦ የሚመለስ፣ ኬንያ ውስጥ ምንም ቋሚ የሥራ ቦታ የሌለው ቢሆንስ? በኢትዮጵያ ሕግ ሙሉው ትርፍ የአገር ውስጥ ገቢ ስለሚሆን የሚካካስ የውጭ ገቢ የለም። ኬንያ በነዋሪነቱ 250,000 ከወሰደች ድምሩ 550,000 ይሆናል፤ ከትርፉ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። በረቱ እያለው የከፈለበት ደረሰኝ ያጣም የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ማካካሻው የሚሰጠው ከውጭ አገር የግብር ባለሥልጣን የተሰጠ ደረሰኝ ላለው ነውና። ግብሩም ገቢው ከተገኘበት የግብር ዓመት ማብቂያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ የተከፈለ መሆን አለበት፤ ባለሥልጣኑ ተጨማሪ ጊዜ ካልሰጠ በስተቀር።

ስምምነት ሲኖር

ከላይ ያለው ስሌት በሁለቱ አገሮች የውስጥ ሕግ ብቻ የተሠራ ነው። በሁለት አገሮች መካከል ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ሲኖር ጉዳዩ ይለወጣል፤ ኢትዮጵያ ለምሳሌ ከእንግሊዝ ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት አላት። በተለመደው የስምምነት አሠራር ሁለቱም ነዋሪዬ ነው ያሉት ሰው በተራ ይመዘናል። ቋሚ ቤቱ በአንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ አገር ነዋሪ ይሆናል። በሁለቱም ቤት ካለው የቤተሰቡና የኢኮኖሚ ጥቅሙ ማዕከል ይታያል። እሱ ካልለየ አዘውትሮ የሚኖርበት፣ ቀጥሎ ዜግነቱ፣ በመጨረሻም የሁለቱ መንግሥታት ንግግር ይወስናል። ያቤሎ ቤት ኖሮት ናይሮቢ አልቤርጎ የሚያድር ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ይሄድ ነበር። ይህ ሚዛን የሚሠራው ግን በስምምነት እንጂ በራሱ አይደለም።

ቀኑን ማን ይቆጥርልዎታል?

ሞያሌ ላይ ጠዋት ተሻግሮ ማታ የሚመለስ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም ላይኖረው ይችላል። ክርክር ሲነሣ ግን ገንዘብ የተላለፈበት የስልክ መዝገብ፣ የአልቤርጎ ደረሰኝና የከብት ማዘዋወሪያ የጤና ወረቀት ቀኑን ይናገራሉ። የተሻገሩበት ቀን ደግሞ በሁለቱም ወገን ሊቆጠር ይችላል፤ በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው የሁለቱ አገር ቀናቱ ድምር ከ365 ቢበልጥ አይደነቅ። ስለዚህ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን በደብተር ይያዙ፤ ደብተሩንም አይጣሉት፤ የኬንያው አማካይ ወደ ኋላ ሁለት ዓመት ይመለከታልና።

በመጨረሻ፣ የሁለቱ አገሮች የግብር ዓመት አይገጥምም። የኬንያው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ የኢትዮጵያው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። የኬንያ 2025 ትርፍ ከፊሉ በኢትዮጵያ 2017፣ ከፊሉ በ2018 የግብር ዓመት ይወድቃል። ሽያጩን በየወሩ ያልመዘገበ ነጋዴ የኬንያውን ደረሰኝ ይዞ ቢቀርብ እንኳ ግብሩ ለየትኛው ዓመት ትርፍ እንደተከፈለ ማሳየት ይቸግረዋል። በየወሩ የተለየ ሒሳብ፣ የበረቱ የኪራይ ውልና የግብር ደረሰኙ በአንድ ፋይል ከተያዙ ግን ከላይ በምሳሌው ያየነው በ370,000 እና በ550,000 መካከል ያለው ልዩነት በነጋዴው ኪስ ይቀራል።