ከፊት ቅርጽ ይልቅ የዓይንና የአፍ ርቀት

ፀጉር ቤት ውስጥ ፊት «ሞላላ»፣ «ክብ» ወይም «አራት ማዕዘን» ተብሎ ይመደባል። ምድቡ ግን የሚናገረው ስለ ፊት ዳርቻ ብቻ ነው። ፊታቸው እኩል ሞላላ ከሆነ ሁለት ሴቶች የአንዷ ዓይኖች ተቀራርበው፣ የሌላዋ ተራርቀው ሊሆኑ ይችላሉ።

በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካና የካናዳ ተመራማሪዎች የሴቶችን ፎቶ ወስደው ዓይን፣ አፍንጫና አፋቸውን ሳይነኩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ብቻ ቀያየሩ። ከዚያም ከአንድ ፊት ልዩ ልዩ መልኮች የትኛው እንደሚያምር ተመልካቾችን ጠየቁ። በብዛት የተመረጠው ከዓይን እስከ አፍ ያለው ቁመት የፊቱን ርዝመት 36 በመቶ፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የፊቱን ስፋት 46 በመቶ ገደማ ሲሆን ነበር። ከፀጉር መነሻ እስከ አገጭ 18 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፊት ላይ፣ ከዓይን እስከ አፍ 6.5 ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ትልቁ ቁም ነገር እነዚህ ልኬቶች ከአማካይ ፊት ጋር መገጣጠማቸው ነው፤ ያማረው ልዩ የሆነው ሳይሆን ዓይን የለመደው ነው። ፎቶዎቹ የነጭ ሴቶች ስለነበሩ ቁጥሮቹን ለሌላ ሕዝብ ፊት መለኪያ ማድረግ ግን አይገባም።

የፀጉር አሠራር መልክን የሚለውጥበት አንዱ ምክንያትም እዚህ አለ፦ ግንባር ላይ የወረደ ፀጉር የሚታየውን የፊት ርዝመት ስለሚያሳጥር፣ ዓይንና አፍ ሳይንቀሳቀሱ ምጥጥኑ ይለወጣል።