ዳገት በትንፋሽ፣ ቁልቁለት በጉልበት

እንጦጦ ላይ የወደቅሁት ዳገቱን ስወጣ አይደለም። ዳገቱን ጨርሼ፣ «እፎይ፣ ከባዱ አለፈ» ብዬ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ስወርድ ነው። ከጫማዬ ሥር አንድ ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍሬ ተንከባለለ፣ ተረከዜ ወደ ፊት ሸሸ፣ በመቀመጫዬ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ከኋላዬ ይመጡ የነበሩ፣ ሯጮችን በማሠልጠን ያረጁ አንድ አዛውንት ደርሰው አነሡኝ። አቧራዬን እያራገፍኩ በፍሬው ሳማርር ሳቁ። «ልጄ፣ አንተ የወደቅኸው እዚህ አይደለም፤ ዳገቱ ላይ ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ‹እንዴት አደርክ› ሲሉህ አንገትህን ብቻ ነቅንቀህ አለፍክ። ያኔ ነው ያለቀልህ።»

እውነታቸውን ነበር። ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ስሮጥ ሳልጨነቅ እሮጣለሁ። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ያህል ያሻቅባል፤ እኔ ግን ዓይኔን ሰዓቴ ላይ ተክዬ «ከ7 ደቂቃ አላሳልፍም» ብዬ 3 ኪሎ ሜትር ታገልኩ። 7 ደቂቃ ከ5 ደቂቃ ጋር ሲተያይ ረጋ ያለ ሩጫ ይመስላል። አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጣሊያናዊው የፊዚዮሎጂ ባለሙያ አልቤርቶ ሚኔቲና ባልደረቦቹ የተራራ ሯጮችን ወደ ላይም ወደ ታችም በሚያዘነብል የመሮጫ ማሽን ላይ አሩጠው፣ በእያንዳንዱ ዝንባሌ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጡ ለክተው ነበር። እኔ የወጣሁትን ዓይነት ዳገት መሮጥ፣ በሚለኩት ቀመር ሲሰላ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር የሜዳውን 1.7 እጥፍ ያህል ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ የ5 ደቂቃ ሯጭ ድካሙን ሳይጨምር ሊወጣው የሚችለው በ8 ደቂቃ ከሩብ ገደማ ነው። እኔ በ7 ደቂቃ ስወጣ፣ ሜዳ ላይ ቢሆን ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከሩብ እንደመሮጥ ነበር። ከፍታው አየሩን ማሳሳቱ ደግሞ ሌላ ጭማሪ ነው። ሰዓቱ ፍጥነቴን እንጂ ይህን ዕዳ አላሳየኝም።

ታዲያ ዳገት ላይ ምን ይለካ? የአዛውንቱ መለኪያ የእኛው ሰላምታ ነው። «ደህና አደሩ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ የቻለ ሰው ረጅም መንገድ ሊያስኬደው በሚችል ድካም ላይ ነው። «እግዜር ይመስገን» ብሎ አየር መሳብ ካስፈለገው ጠንከር ብሏል፤ ለአጭር ዳገት ይበቃል። አንገት ከመነቅነቅ በቀር ቃል ካልወጣው ከልኩ አልፏል፤ እርምጃውን ያሳጥር፤ ካልቀለለው እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ ይራመድ። በጣም ቀጥ ባለ አቀበት ላይ የተራመደና የሮጠ ሰው ፍጥነታቸው ብዙም አይራራቅም፤ የተራመደው ግን ትንፋሹን ይዞ ጫፍ ይደርሳል። የልብ ምት መለኪያም ቢሆን ዘግይቶ ነው የሚናገር። ዳገቱ ሲጀምር ገና የሜዳውን ቁጥር እያሳየ «ጨምር» ይላል፤ እውነቱን ሲናገር ጉዳቱ ደርሷል።

ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ትንፋሽ ይረጋል፣ የልብ ምት ይወርዳል፣ ሰው አረፍኩ ብሎ ያስባል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ታፋ ነው። ከጉድጓድ ውኃ ሲቀዱ ባልዲን በገመድ ቀስ አድርጎ ማውረድን ያስቧል፤ ክንድ ይዞ እያለ ይለቃል፣ እየለቀቀም ይይዛል። የታፋ የፊት ጡንቻም በእያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ይዞ እየተለጠጠ ያወርዳል። ጡንቻን በጥቃቅኑ የሚቀደው ይህ እየተለጠጡ መያዝ ነው። ሕመሙ በዕለቱ ሳይሆን በማግሥቱና በሁለተኛው ቀን የሚብሰውም፣ ደረጃ መውረድ ደረጃ ከመውጣት ይልቅ የሚያስቃስተውም ለዚህ ነው።

የታፋን ሸክም ከሁሉ በላይ የሚያከብደው ደግሞ ፍሬን መያዝ ነው። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እግሩን ከሰውነቱ ቀድሞ ይዘረጋል፣ በተረከዙ ያርፋል። እያንዳንዱ እርምጃ ግጭት ይሆናል፤ ተረከዝ ደግሞ ጠጠርና ፍሬ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ተንሸራታች ነው። የእኔ አወዳደቅ ልክ እንዲህ ነበር። ታፋዬ ዳገቱ ላይ ስለዛለ ጉልበቴን አጥፌ ሰውነቴን መያዝ አቃተኝ፤ እግሬን ወደ ፊት ወርውሬ ተረከዜን ፍሬን አደረግሁት።

አዛውንቱ መፍትሔውን ያሳዩኝ በጣታቸው ነው፤ እናቶቹን እያመለከቱ። በጀርባቸው ቁመታቸውን የሚያልፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እነዚያ ሴቶች እግራቸውን አይዘረጉም። እርምጃቸው አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚል ነው፤ ጉልበታቸው ሁልጊዜ በትንሹ የታጠፈ፣ እግራቸው ከዳሌያቸው ሥር የሚያርፍ። ሯጭም እንዲሁ ነው። እርምጃውን ያሳጥራል፣ ቁጥሩን ያበዛል፣ በሙሉ ውስጥ እግሩ በቀላሉ ይረግጣል። አካሉን ከወገቡ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ በጥቂቱ ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል። ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ ሚዛኑን ይጠብቅበታል። አንዱ እርምጃ ቢሸሽ ቀጣዩ ቅርብ ስለሆነ ይደርስለታል፤ ረጅም እርምጃ ግን ከሸሸ ምትክ የለውም።

ዓይን ጫማ ላይ አይተከልም። የሚታየው ከአራት አምስት እርምጃ በኋላ ያለው መሬት ነው፤ ከሥር ያለውን እግር ቀድሞ ያየውን ያስታውሳል። የወጣ ሥር ሲመጣ ከላዩ መቆም ሳይሆን መሻገር፤ በተለይ ዝናብ የነካው ሥርና ከባሕር ዛፍ የተላጠ ቅርፊት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጠጠር በበዛበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ መንገዱን በሰያፍ እየቆረጡ መውረድ፣ ባስ ካለም ጎን ሰጥቶ መራመድ ነውር አይደለም። ከመውረድ በፊት ተረከዝን ወደ ኋላ ገፍቶ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ማድረግም ይጠቅማል፤ እግር ጫማ ውስጥ ወደ ፊት ከሸሸ የአውራ ጣት ጥፍር መጥቆሩ አይቀርም።

ትንፋሽ ቁልቁለት ላይ ስለማይመሰክር ምስክሩ ጆሮ ነው። እግር ጧ ጧ እያለ ከመታ ፍሬን ይዘዋል ወይም ታፋ ዝሏል። ቆም ሲሉ ታፋ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም የጫማ ጫፍ ድንጋይ መምታት ከጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእግር ጉዞ ነው። ጡንቻ ይህን ሥራ ይለምዳል፤ አንድ ጊዜ በልኩ ያመመው ታፋ ከዚያ በኋላ ላሉት ሳምንታት ያንኑ ቁልቁለት ይበልጥ ይችለዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስላሳ መሬት ላይ፣ አንድ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ መውረድ አምስት ስድስት ጊዜ ለጀማሪ ይበቃል።

ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ መንገድ ደገምኩት። ያን ቀን በ21 ደቂቃ ወጥቼ፣ እያነከስኩ በ20 ደቂቃ ወርጄ ነበር። አሁን መውጣቱ 25 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ መውረዱ ግን 14። ሰዓቱን ያየሁት ታች ከደረስኩ በኋላ ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት ከጭራሯቸው ሥር ቀና ብለው «እንዴት አደርክ ልጄ?» ሲሉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ደህና አደሩ? ልጆችስ ደህና ናቸው?» ብዬ እስከ መጨረሻው መለስኩ።