የድጋሚ ፈተና ወጪና የጊዜ ገደብ

ሴኪዩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የኮምፒውተር ደኅንነት ፈተና የሚያዘጋጀው ኮምፕቲያ የተሰኘ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ፈተናው ቢበዛ 90 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠውም ጊዜ 90 ደቂቃ ነው። ውጤቱ ከ100 እስከ 900 ባለ መለኪያ ይሰጣል፤ ለማለፍ 750 ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ፈተና በስም ያውቁታል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኮምፒውተር ሥርዓቶቹን ለሚጠብቁ ሠራተኞች ከሚቀበላቸው የምስክር ወረቀቶች አንዱ ስለሆነ፣ በአካባቢው ያሉ የመንግሥት ሥራ ተቋራጮች በሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ደጋግመው ይጠይቁታል።

ፈተናውን የወደቀ ሰው ሁለተኛውን ሙከራ ለማድረግ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ቦታ ካገኘ በማግስቱ እንኳ መቀመጥ ይችላል። ሁለተኛውንም ከወደቀ ግን ለሦስተኛውና ከዚያ በኋላ ላሉት ሙከራዎች ሁሉ፣ ከመጨረሻው ፈተና ጀምሮ ቢያንስ 14 ቀን መጠበቅ አለበት። ገንዘቡን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፦ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሙሉ ዋጋ ይከፈላል። ለወደቀ ሰው የሚደረግ ቅናሽ የለም፤ የተከፈለውም አይመለስም። በ2025 የአንድ ሙከራ ዋጋ በአሜሪካ 425 ዶላር ነበር።

ለሁለተኛው ሙከራ መጠበቂያ አለመኖሩ ለተፈታኙ የተደረገ ውለታ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። 735 ያመጣ ሰው «አሥራ አምስት ነጥብ ብቻ ቀረኝ» ብሎ በዚያው ሳምንት ሌላ 425 ዶላር ይከፍላል። ነገር ግን በዚህ መለኪያ ላይ ያለው ነጥብ የትክክለኛ መልሶች ቁጥር አይደለም፤ መቶኛም አይደለም። አሥራ አምስት ነጥብ ስንት ጥያቄ እንደሆነ ከውጤቱ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛው ፈተናም ያንኑ ጥያቄ መልሶ አያመጣም፤ ስለዚህ ያመለጡትን ጥያቄዎች አስታውሶ መልሳቸውን መፈለግ ብቻውን እምብዛም አይረዳም።

ከነጥቡ ይልቅ የሚጠቅመው በውጤት ወረቀቱ ግርጌ ያለው ዝርዝር ነው። ተፈታኙ ቢያንስ አንድ ጥያቄ የሳተባቸውን ርዕሶች ይነግራል። ስንት ጥያቄ እንደሳተ ግን አይናገርም፤ አንድ የሳተበትና አምስት የሳተበት ርዕስ በዝርዝሩ ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ። እንዲያም ሆኖ ዝርዝሩን ከፈተናው ክፍሎች ጋር ማስተያየት ይቻላል። SY0-701 በተባለው የፈተናው ቅጂ፣ የዕለት ተዕለት የደኅንነት ሥራን የሚመለከተው ክፍል ከፈተናው 28 በመቶ ይይዛል፤ አጠቃላይ ጽንሰ ሐሳቦችን የሚመለከተው ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ነው። ከተሳቱት ርዕሶች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ክፍል ከተሰበሰቡ የሚጠና ነገር አለ፤ ለዚያም ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ዝርዝሩ አጭር ሆኖ የተበታተነ ከሆነና ተፈታኙ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳያነብ ሰዓቱ ካለቀበት ግን ችግሩ ዕውቀት ላይሆን ይችላል። በዚህ ፈተና መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት በስክሪን ላይ እየጎተቱና እያዛመዱ የሚሠሩ የተግባር ጥያቄዎች ናቸው። ብዙ ሰው ሰዓቱን የሚጨርሰው እነሱ ላይ ነው። እንዲህ ላለው ተፈታኝ ሁለት ሳምንት በሰዓት የተለካ ልምምድ ሊበቃው ይችላል።

የመጠበቂያ ቀኑ አጭር በሆነበት ፈተና ላይ ተፈታኙን በእውነት የሚያስጨንቁት ሌሎች ቀነ ገደቦች ናቸው። የመጀመሪያው ቫውቸሩ ላይ ያለው ነው። ቫውቸር አስቀድሞ የተከፈለበት የፈተና መግቢያ ቁጥር ሲሆን፣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ያገለግላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ፈተናው ራሱ መወሰድ አለበት። ሁለተኛው የፈተናው ቅጂ የሚቀየርበት ቀን ነው። ከSY0-701 በፊት የነበረው SY0-601 ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 31 ቀን 2024 ተዘግቷል። በዚያ ወር ወድቆ በነሐሴ መሞከር የፈለገ ሰው የተለወጠ የጥናት ይዘት ነበር የጠበቀው። ኤ ፕላስ የተባለው የዚሁ ድርጅት ፈተና ደግሞ ሁለት ክፍል ስላለውና ሁለቱም ከአንድ ቅጂ መሆን ስላለባቸው ጉዳቱ ይብሳል። አንዱን ክፍል አልፎ ሌላውን የወደቀ ሰው ቅጂው ከተዘጋበት፣ ያለፈውንም በአዲሱ እንደገና መፈተን ይኖርበታል።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ተፈታኝ በጃንዋሪ 10 ቫውቸር ገዛ እንበል። የገዛው ከአንድ የድጋሚ ሙከራ ጋር ተጣምሮ የሚሸጠውን ነው። ሥራ እየበዛበት ቀጠሮውን ሲያራዝም ቆይቶ ዲሴምበር 20 ላይ ተፈተነና ወደቀ። የድጋሚ ሙከራው ቀን የሚቆጠረው ከወደቀበት ዕለት ሳይሆን ከገዛበት ዕለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን በጃንዋሪ 10 ማለትም በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው መካከል መውሰድ አለበት፤ አለዚያ የከፈለበት ዕድል ይቃጠላል። ይኸው ሰው መጀመሪያውን በኦገስት ወስዶት ቢሆን ኖሮ አምስት ወር ያህል ይቀረው ነበር። የመጀመሪያውን ፈተና ቢያንስ ከቫውቸሩ ማብቂያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ መውሰድ ጥሩ ልማድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የድጋሚ ዕድል ያለበት ጥምር ቫውቸር ከአንዱ ቫውቸር ይወደዳል፤ ከሁለቱ ድምር ግን ይረክሳል። በተግባር እንደ ዋስትና የሚታይ ነው። ይከፈልበት ወይስ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ቀላል ስሌት አለ። ለጥምሩ የሚጨመረው ገንዘብ ለአንድ ሙሉ ፈተና ዋጋ ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ፈተናው 400 ዶላር፣ ጭማሪው 120 ዶላር ቢሆን ውጤቱ 30 በመቶ ይመጣል። የመውደቅ ዕድሉ ከዚህ ይበልጣል ብሎ የሚገምት ሰው ጥምሩን ቢገዛ ያዋጣዋል፤ ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚያምን ሰው ጭማሪውን በኪሱ ቢያቆየው ይሻለዋል። ዕድልን በቁጥር መገመት አስቸጋሪ ቢሆንም መለኪያ አይጠፋም። ከዚህ በፊት አይቷቸው በማያውቃቸው የመለማመጃ ፈተናዎች፣ በሰዓት ተለክቶ፣ በተደጋጋሚ ጥሩ የሚያመጣ ሰው አንድ ዓይነት ነው። አንዱን መለማመጃ አራት ጊዜ ሠርቶ መልሶቹን የሸመደደ ሰው ግን 95 በመቶ ቢያመጣም ስለ ዕድሉ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። ስሌቱ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሠራም፦ አራት መቶ ዶላር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለማይችለው። እንዲህ ያለው ሰው በሒሳብ ባያዋጣውም ጥምሩን ቢገዛ አይፈረድበትም።

ለሁለተኛው ሙከራ በጀት ሲያዝ የፈተናው ክፍያ ብቻውን አይበቃም። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ለፈተናው አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር የዚያን ቀን ደሞዝ ያጣል። ያለቁትን የመለማመጃ ጥያቄዎች በአዲስ መተካት አለበት። ለፈተናው 425፣ ለቀረበት የሥራ ቀን 150፣ ለመለማመጃ 40 ቢታሰብ 615 ዶላር ይሆናል። በሳምንት 50 ዶላር ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ከ12 ሳምንት በላይ ይፈጃል። ቁጠባው ከወደቀ በኋላ ቢጀመር ሁለተኛው ፈተና ሦስት ወር ይዘገያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተጠናው ይረሳል፣ ቫውቸር ያለበትም ቀኑ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጠባው ከመጀመሪያው ጥናት ጋር እኩል ቢጀመር ይመረጣል። ተፈታኙ ካለፈ ገንዘቡ አልጠፋም፤ በየዓመቱ ለሚከፈለው የምስክር ወረቀቱ ማቆያ ይሆናል። ቀጣሪው ፈተናውን የሚከፍል ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ የሚከፍለው ለሁሉም ሙከራ ነው ወይስ ላለፈው ብቻ?

ቀጠሮ የያዘ ሰው ዝግጁ እንዳልሆነ ካወቀ፣ ቀኑን ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት በነፃ መለወጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ የቀረ ወይም የዘገየ ሰው እንደ ተፈተነ ሁሉ ክፍያውን ያጣል። ገንዘብ የከሰረ ሰው በርካሽ የሚሸጡ «እውነተኛ ጥያቄዎች» ላይ ዓይኑን ሲጥልም ይታያል። እነዚህ የተሰረቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ በእነሱ ያለፈ ሰው ከተደረሰበት የምስክር ወረቀቱ ይሰረዝበታል።

ሌሎች ድርጅቶች በገንዘብም በቀንም የተለየ ደንብ አላቸው። ሲስኮ የኔትወርክ ፈተናውን የወደቀ ሰው አምስት ቀን እንዲጠብቅ ያደርጋል። አማዞን ለክላውድ ፈተናዎቹ 14 ቀን ያስጠብቃል፤ ሁለቱም ሙሉ ክፍያ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ የነርስ ፈቃድ የሚሰጥበት ኤንክሌክስ የተባለው ፈተና ደግሞ ረጅም ነው፦ በሁለት ሙከራዎች መካከል 45 ቀን ይጠበቃል፣ የፈተናው ክፍያ 200 ዶላር ነው፣ በዚያ ላይ ግዛቱ ለድጋሚ ምዝገባ የራሱን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያስጨንቀው የፈተናው ክፍያ ሳይሆን ያለ ነርስ ደሞዝ የሚያልፈው ወር ተኩል ነው፤ በጀቱም በቤት ኪራይ ይለካል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚፈተን ሰው ሌላ ሒሳብ ይጨመራል፤ ክፍያው በዶላር፣ ቁጠባው በብር ነው። በጁላይ 2024 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለ300 ዶላር ፈተና 17,000 ብር ያጠራቀመ ሰው ከ30,000 ብር በላይ ተፈለገበት። እንዲህ ላለው ተፈታኝ የድጋሚ ክፍያውን በብር ከማቆየት ይልቅ፣ የ12 ወሩን ገደብ እያሰበ ጥምር ቫውቸር ቀድሞ መግዛት የምንዛሪውንም ስጋት ያቃልልለታል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊገዛለት ሲነሳ ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት። የኮምፕቲያ ቫውቸር የሚሠራው ለተሸጠበት አገር ወይም ክልል ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ዋጋ የተገዛ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ቀጠሮ ሲያዝበት ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዘመድ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ በግዢው ገጽ ላይ አገሩ ኢትዮጵያ ተብሎ መመረጡን ማየት አለበት።