ስለ ሪህ፤ የእግር አውራ ጣት ድንገተኛ ሕመምና መከላከያው

ሪህ የሚለው ስም በአገራችን ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ሲሰጥ ይሰማል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ጋውት የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ በእግር አውራ ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ የሚጀምረው ነው።

ሰውነታችን ከሚያድሳቸው ሕዋሳትና ከምንመገበው ምግብ ፑሪን የተባለ ነገር ይገኛል። ይህም ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ ኩላሊትም አብዛኛውን በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት በሚገባ ሳያስወጣው ሲቀር ግን በደም ውስጥ ይከማቻል። በ100 ሚሊሊትር ደም ውስጥ ከ7 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ፣ በውሃ ውስጥ የበዛ ጨው ሳይሟሟ እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ረቂቅ ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል። የእግር ጣት ከሌላው አካል ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ጠጠሩ በዚያ ለመጠራቀም ይመቸዋል። ይህም ያለ አንዳች ሕመም ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ዕድሜው 48 ዓመት የሆነ አንድ ሰው እናስብ። ዐቢይ ጾምን ጾሞ በፋሲካ ዕለት ዱለትና ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ ቢራም ደጋግሞ ይጠጣል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የአውራ ጣቱ ሕመም ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ሲነጋ ጣቱ አብጦና ቀልቶ ያቃጥላል፤ የአንሶላ ንክኪ እንኳ አያስችለውም። ብዙ ሰው ይህን ወለምታ መስሎት ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ነገር ግን የቆጣውን መገጣጠሚያ ማሸት ሕመሙን ከማባባስ በቀር ጥቅም የለውም። የሚገባው እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማኖርና ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ሐኪሙ የኩላሊትንና የጨጓራን ሁኔታ መርምሮ ኮልቺሲን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያዝዛል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ግን መገጣጠሚያው መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መታየት ግዴታ ነው።

ሕመሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቅቃል። ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ነገሩን ይተወዋል፤ ጠጠሩ ግን ከስፍራው አልተነሣም። በሕመሙ ወቅት የሚደረግ የደም ምርመራ ዩሪክ አሲድን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ከለቀቀ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ እንደገና መመርመር ይገባል።

በምግብ ረገድ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለትና ሰርዲን እጅግ ፑሪን ስላላቸው መተው፣ ቀይ ሥጋንም መቀነስ ያሻል። ከመጠጥ ሁሉ ቢራ ይከፋል፤ በራሱ ፑሪን አለበትና፣ አልኮሉም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወጣ ያግዳልና። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም አልኮል ስላለባቸው ከዚህ ነጻ አይደሉም። በስኳር የጣፈጠ ለስላሳ መጠጥም ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ሽሮና ምስር ግን ፑሪን ቢኖራቸውም በሽታውን ሲያብሱ ስላልታዩ ጿሚው ሊፈራቸው አይገባም። ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሆኖም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ይሁን እንጂ ምግብን መጠንቀቅ ብቻውን ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። የምሳሌያችን ሰው በምርመራ 9 ሚሊግራም ቢገኝበትና በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታመም፣ ሐኪሙ አሎፑሪኖል ያዝዝለታል። መድኃኒቱ በቀን ከ100 ሚሊግራም በማይበልጥ መጠን ተጀምሮ፣ ደሙ እየተመረመረ፣ ዩሪክ አሲዱ ከ6 ሚሊግራም በታች እስኪወርድ ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቆየው ጠጠር ሲሟሟ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያመለክትም። ስለዚህም ሐኪሙ ከ3 እስከ 6 ወር ድረስ መከላከያ የሚሆን ጥቂት ኮልቺሲን አብሮ ሊሰጥ ይችላል። በቆዳ ላይ ሽፍታ ከታየ ግን አሎፑሪኖሉን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ሳይቋረጥ ለዘለቄታው የሚወሰድ ነው። የሚያቋርጠው ሰው ዩሪክ አሲዱ ተመልሶ ይከማቻል፤ በጊዜ ብዛትም ጠጠሩ በጣቶችና በጆሮ ላይ እባጭ ያወጣል፣ አጥንትን ይበላል፣ በኩላሊትም ጠጠር ሊያስከትል ይችላል። እንግዲህ የመዳን ምልክቱ የሕመሙ መጥፋት ሳይሆን፣ በየምርመራው የዩሪክ አሲዱ ልክ ከ6 ሚሊግራም በታች ሆኖ መገኘቱ ነው።