ከአንድ ገጽ ከዘጠኝ መስመር ወደ አንድ ገጽ

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤዋን ይዛ መጣች። ሥራው ከፍተኛ የሂሳብ ሠራተኛነት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማመልከቻ» ተብሎ ተጽፏል። የእሷ ደብዳቤ አንድ ገጽ ከዘጠኝ መስመር ነው። «ጋሼ፣ ከየቱ ልቁረጥ? ሁሉም ያስፈልጋል» አለችኝ።

እኔ በመሥሪያ ቤቴ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለተቀመጥኩ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በየጊዜው አይቻለሁ። አብዛኛው አመልካች የሚያሳጥረው ከመጨረሻው ወደ ላይ እየቆረጠ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ስልኩና ሥራ መጀመር የሚችልበት ቀን ነው። ሌላው ሰው የፊደሉን መጠን ወደ 9 ያወርድና ኮሚቴው መነጽር ፍለጋ ይገባል።

ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት እስክሪብቶ ይዘን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን መረጃ ሁሉ ቁጥር ሰጠነው። መረጃ የምለው ተጠይቆ ሊረጋገጥ የሚችለውን ነው፤ ዓመት፣ የሥራ መደብ፣ መጠን፣ ቋንቋ፣ ቀን። «በትጋት ሠርቻለሁ» የሚለው ቁጥር አያገኝም። ስንጨርስ 15 ሆነ። አንድ ገጽ ከዘጠኝ መስመር የወሰደው 15 ነገር ለመናገር ነው ማለት ነው። የቀረው መስመር ሰላምታ፣ ምስጋናና «ከላይ እንደተጠቀሰው» ነበር።

አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። እንዲህ ይላል፦

«ከላይ በተጠቀሰው ድርጅት ውስጥ በተቀጠርኩበት ወቅት የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ሥራ ለ11 ወራት ሳይሠራ ተወዝፎ የቆየ በመሆኑ ምክንያት ይህንን ውዝፍ ሥራ የማጠናቀቅ ኃላፊነት የተሰጠኝ ሲሆን፣ እኔም የተሰጠኝን ኃላፊነት በትጋትና በታማኝነት በመወጣት በ4 ወራት ጊዜ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለማጠናቀቅ ችያለሁ።»

ይህ 38 ቃል ነው። ያጠረው፦ «ስቀጠር የ11 ወር ውዝፍ የነበረበትን የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ በ4 ወር አጠናቅቄያለሁ።» 11 ቃል ሆነ፤ 11 ወሩም 4 ወሩም አሉ። ልጅቱ ግን ስታነበው ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «ብቻዬን አልነበርኩም፤ አንድ ባልደረባዬ ነበረች» አለች። በረጅሙ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይህ ጉዳይ ተሸፍኖ ነበር፤ ሲያጥር ግን ራቁቱን ቀረ። «ከአንድ ባልደረባዬ ጋር» የሚል ጨመርን። አሁን 14 ቃል ሆነ፤ እውነትም ሆነ።

በእኔ ግምት በማሳጠር ውስጥ ትልቁ አደጋ መረጃ መጥፋቱ አይደለም፤ መልኩን መለወጡ ነው። ልጅቱ ከጥቅምት 2009 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአንድ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ከነሐሴ 2012 ጀምሮ ደግሞ በሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። በመካከሉ ያለውን ዘጠኝ ወር ወልዳ ቤት ነበረች። ከመምጣቷ በፊት ራሷ በሞከረችው ማሳጠሪያ ይህ ሁሉ «የሰባት ዓመት የሂሳብ ሥራ ልምድ አለኝ» የምትል አንዲት መስመር ሆኖ ነበር። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ልክ አይደለም። ገንዘብ መያዝና ሂሳብ መሥራት በሥራ ልምድ ማስረጃዋ ላይ በሁለት የተለያዩ መደቦች ተጽፈዋል፤ ኮሚቴው ማስረጃውን ከደብዳቤው ጋር ያስተያያል። ማስታወቂያው የጠየቀው ደግሞ አራት ዓመት ነው፤ እሱን አሟልታለች። መደመር ምን አስፈለጋት? ዘጠኙን ወርም መተው አይጠቅምም፤ ዓመቶቹን የሚያይ ሰው ክፍተቱን በራሱ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን እሱ ይገምታል።

ከዚያ በኋላ 15ቱን ቁጥሮች በሦስት አንቀጽ አደላደልናቸው። መክፈቻው ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የትኛውን ሥራ እንደምትፈልግ፣ ማስታወቂያውን የት እንዳየችውና ማን እንደሆነች። ቀድሞ «የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ብሎ የሚጀምረው አራት መስመር ወጣ። ጨዋነት የጎደለው መስሏት አመነታች። «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ስለማቅረብ» የሚለውና መጨረሻ ላይ ያለው «ከሰላምታ ጋር» ለጨዋነቱ ይበቃሉ።

መካከለኛው አንቀጽ ለሥራው ተስማሚ መሆኗ የሚታይበት ስለሆነ ሰፊውን ቦታ እሱ ወሰደ። ማስታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን የጠየቀውን በቅደም ተከተሉ መለስን። መጀመሪያ አራቱ ዓመት፣ ቀጥሎ ፒችትሪ ላይ መሥራቷ፣ ከዚያ የተጨማሪ እሴት ታክስና የጡረታ መዋጮ በየወሩ ማሳወቋ፣ ከዚያ ውዝፉ የባንክ ማስታረቂያና ያሠለጠነቻቸው ሁለት ጀማሪዎች። ገንዘብ ያዥነቱ በመጨረሻ መጣ፦ «የሦስት ሱቆችን የቀን ሽያጭ እየቆጠርኩ ባንክ አስገባ ነበር፤ ቀጥሎ ያሉትን ዘጠኝ ወራት በወሊድ ምክንያት ከሥራ ውጭ ነበርኩ።» በቀድሞው ደብዳቤ ሁሉም በዕድሜ ተራ ከምረቃዋ ጀምሮ ስለተጻፈ፣ ኮሚቴው የሚፈልገው ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር።

መዝጊያው ሥራ መቼ መጀመር እንደምትችል፣ ስልኳንና የአባሪውን ብዛት ይዟል። እሷ «ወዲያውኑ» ብላ ጽፋ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። «ከተመረጥኩ በ30 ቀን ውስጥ» ብለን አስተካከልነው።

ወደ ገጹ መልክ የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው። በኤ4 ወረቀት በየጎኑ 2 ተኩል ሴንቲሜትር ኅዳግ፣ የፊደል መጠን 11። ከዚህ በታች መውረድ ካስፈለገ ችግሩ ዐረፍተ ነገሩ ጋ ነው። አናት ላይ በአምስት መስመር የተደረደረው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር በአንድ መስመር ገባ። ይህ ሁሉ ሆኖም ኮምፒውተሩ «2 ገጽ» ማለቱን አልተወም። ከፊርማው በታች ባዶ መስመሮች ተቀምጠው ነበር፤ ዎርድ ላይ Ctrl+Shift+8 ስትጫኑ የተደበቁት ምልክቶች ይታያሉ፣ እነሱን ማጥፋት ነው። አሜሪካ ለሚልክ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ የሚሠሩበት ሌተር የሚባለው ወረቀት ከኤ4 በ1.8 ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራል፤ በኤ4 ጫፍ ላይ ያለቀ ደብዳቤ እዚያ ሲታተም ፊርማውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይጥለዋል። የግእዝ ፎንትም ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩ ይገፋል። ስለዚህ በፒዲኤፍ አስቀምጦ መላክ ይሻላል።

በመጨረሻ አዲሱን ደብዳቤ አትመን የመጀመሪያውን ወረቀት አጠገቡ አስቀመጥን፤ እኔ ቁጥር ስጠራ እሷ ምልክት ታደርጋለች። 12 ቁጥር ጠፋ፤ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ መናገሯ። ሦስት አንቀጽ ስናደላድል ከእጃችን ወድቋል። ማስታወቂያው ኦሮምኛ መቻል ተጨማሪ ነጥብ እንዳለው ይገልጻል። በመካከለኛው አንቀጽ መጨረሻ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር አስገባን፤ እንደገና አተምን። 15ቱም ምልክት አገኙ፤ ከስሟ በላይም ለፊርማ አራት ጣት የሚሆን ቦታ ተርፏል።