140 ሲቪ፣ አንድ ክፍት ቦታ፦ ነጥቡን እንዴት እንስጥ?

ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ 140 ሲቪ ገባ እንበል። ብዙ ቦታ የሚደረገው ይታወቃል፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያገላበጠ "ይሄ ደህና ነው፣ ይቺ ትቆይ" ይላል። ጠዋት የተነበበውና ከሰዓት በድካም የተነበበው ግን በአንድ ዓይን አልታየም። ለዚህ አንድ ኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል።

መጀመሪያ ማስታወቂያው ላይ "ግዴታ" የተባለውን ለዩ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ግዴታ ከሆነ ነጥብ አይሰጠውም፤ ያለው ያልፋል፣ የሌለው ይወጣል። ለቀሩት መስፈርቶች 100 ክብደት አከፋፍሉ። በእኛ ምሳሌ ሠራተኛው በየወሩ ግብር ማሳወቅ ዋና ሥራው ነው። ስለዚህ ግብር 40፣ ፒችትሪ 30፣ የሥራ ዘመን 20፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ 10 አደረግን። ክብደቱ አንድም ሲቪ ሳይከፈት መወሰን አለበት። ከተከፈተ በኋላማ ሰው ለሚያውቀው አመልካች እንዲመች አድርጎ ማስተካከሉ አይቀርም።

ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ዋናው ጉዳይ የቁጥሩን ትርጉም አስቀድሞ መጻፍ ነው። ለግብር፦ ምንም ካልተጠቀሰ 0፣ "የታክስ እውቀት አለኝ" ብቻ ከሆነ 1፣ በሌላ ሰው ሥር ሰነድ ያዘጋጀ 2፣ ራሱ በየወሩ ቫትና የደመወዝ ግብር ያሳወቀ፣ የትና መቼ እንደሆነም የጻፈ 3። ይህ ካልተጻፈ የአንዱ 2 የሌላው 3 ይሆናል።

ክብደቶቹን ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ አመልካቾችን ከሦስተኛው ጀምሮ አስገቡ፦

```
=SUMPRODUCT($B$2:$E$2,B3:E3)
```

ትልቁ ውጤት 300 ነው። አሁን ሁለት አመልካቾችን እንይ። "ሀ" የሁለት ዓመት ልምድ አላት፤ በመስፈርቶቹ ቅደም ተከተል 3፣ 2፣ 1፣ 2 አገኘች። "ለ" ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ 1፣ 2፣ 3፣ 3 አገኘ። ዝም ብሎ ሲደመር 8 ለ 9 ነውና "ለ" ይበልጣል። በክብደት ሲሰላ ግን "ሀ" 220፣ "ለ" 190 ይሆናሉ። ቦታው የሚፈልገው ግብር ስለሆነ ይህ ትክክል ነው።

ስም፣ ፎቶ፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ ተሸፍነው በኮድ ቢነበቡ ይመረጣል። የአንዱን ሲቪ ሁሉንም መስፈርት ከመጨረስ ደግሞ የሁሉንም ግብር፣ ቀጥሎ የሁሉንም ፒችትሪ ማየት ሚዛኑን ያጸናል። ሁለት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን 10 ሲቪዎች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ። በአንድ መስፈርት ላይ በሁለት ነጥብ ከተለያዩ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰዎቹ ሳይሆን የትርጉሙ ነው፤ አስተካክሎ 10ሩን እንደገና መጀመር ነው።

220 እና 210 ያገኙ ሁለት ሰዎች ግን ተበላለጡ ማለት አይቻልም። ባንክ ማስታረቅ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሁለቱንም ለፈተና ጥሩ፤ ሰንጠረዡ የሚለካው የተጻፈውን እንጂ ሰውዬው የሚችለውን አይደለም።