አንድ ደንበኛ በስንት ብር መጣ?

ብዙ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ የሚመድቡት ኪስ የፈቀደውን ወይም ባለፈው ዓመት ያወጡትን ያህል ነው። እኔ ግን ስሌቱ ከሌላኛው ጫፍ ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንድ ደንበኛ ገዝቶ ሲሄድ በእጅ የሚቀረው ገንዘብ ነው።

ለትምህርት ቤት መክፈቻ የልጆች ጫማ የምታዘጋጅ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። አንዱን ጥንድ በ2,800 ብር ትሸጣለች። ለቆዳው፣ ለሶሉና ለሠራተኛ 2,000 ብር ስለሚወጣ 800 ብር ይቀራታል። ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይ ይከፈላል፣ የራሷም ትርፍ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ገዢ ለማምጣት ከ300 ብር በላይ ላለማውጣት ወሰነች። በነሐሴና በመስከረም 200 ተጨማሪ ጥንድ መሸጥ ስለምትፈልግ በጀቷ 60,000 ብር ሆነ። ይህ ቁጥር ከምትጠብቀው ሽያጭ የተወለደ ስለሆነ ዘመቻው ሲያልቅ ሊመዘን ይችላል።

ገንዘቡን በሦስት ከፈለችው። 30,000 ብር ለሬዲዮ፣ 20,000 ለፌስቡክ፣ 10,000 ደግሞ በትምህርት ቤቶች በር ላይ ለሚታደል በራሪ ወረቀት ሰጠች። ሬዲዮ ጣቢያው 100,000 አድማጭ አለኝ ስላላት አንድ ሰው ጋ መድረስ 30 ሳንቲም ብቻ ይፈጃል። የፌስቡኩ ማስታወቂያ 40,000 ሰው ጋ ስለደረሰ የአንዱ ሰው ዋጋ 50 ሳንቲም ነው። ወረቀቱ የታደለው ለ5,000 ወላጆች ነውና አንዱ 2 ብር ያስወጣል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ሬዲዮኑን ይመርጣል፤ ማስታወቂያ የሚሸጡ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚያሳዩን ይህንኑ ቁጥር ነው።

የገዢዎቹ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በሬዲዮ 40፣ በፌስቡክ 50፣ በወረቀቱም 50 ገዢዎች መጡ። አንድ ገዢ በሬዲዮ 750 ብር፣ በፌስቡክ 400፣ በወረቀት 200 ብር አስወጣ ማለት ነው። ሬዲዮኑ ከ800ው ብር ለባለሱቋ ያስቀረላት 50 ብር ብቻ ነው። ምክንያቱም አይከብድም፤ ከአድማጩ አብዛኛው በዚያ ሰሞን ጫማ የሚገዛለት ልጅ የለውም፣ ወይም ከሱቁ ርቆ ይኖራል። ወረቀቱን የተቀበለው ግን ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ወላጅ ነው።

ገዢው በየት በኩል እንደመጣ እንዴት ይታወቃል? መፍትሔው የቆየ ነው። አሜሪካዊው የማስታወቂያ ሰው ክሎድ ሆፕኪንስ በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተቆርጠው የሚላኩ ኩፖኖችን እየቆጠሩ ማስታወቂያን ከማስታወቂያ ማወዳደርን አጥብቆ መክሯል። በዚያ ዘመን በፖስታ የሚሸጡ ነጋዴዎች በየመጽሔቱ ኩፖን ላይ የተለያየ ምልክት ያትሙ ነበር፤ ትዕዛዙ ሲመጣ ከየትኛው መጽሔት እንደሆነ ምልክቱ ይነግራቸዋል። የእኛዋ ነጋዴም ለሬዲዮና ለፌስቡክ የተለያየ ስልክ ቁጥር ሰጠች፣ ወረቀቱን ይዞ ለመጣ ደግሞ 50 ብር ቀነሰች። ገዢን «ከየት ሰማህ?» ብሎ መጠየቅም ይረዳል፤ ነገር ግን ሰው የሚመልሰው መጨረሻ ያየውን ስለሆነ በእሱ ብቻ መተማመን አያዋጣም።

አሁን ቅናሹ ራሱ ወጪ መሆኑን እናስታውስ። የ50 ገዢዎች ቅናሽ 2,500 ብር ስለሆነ የወረቀቱ ወጪ 12,500 ደርሷል። ብዙዎች የሚዘልሉት ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው፦ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ያለ ማስታወቂያውም ይመጡ የነበሩት ስንቱ ናቸው? 15ቱ በየዓመቱ ከእሷ የሚገዙ የቆዩ ደንበኞች ሆነው ከተገኙ፣ ወረቀቱ ያመጣው 35 አዲስ ገዢ ነው። ያኔ የአንዱ ዋጋ ወደ 357 ብር ይወጣል፤ ከ300ው ጣሪያ አልፏል፣ ርካሽ ይመስል የነበረው መንገድም ወደ ፌስቡኩ ተጠግቷል። ለፌስቡኩና ለሬዲዮውም ይኸው ማጣሪያ መደረግ አለበት። የደንበኞቿን ስልክ በደብተር የያዘች ነጋዴ ይህን በአንድ ከሰዓት ትለየዋለች፤ ካልያዘች በዚህ ሰሞን ብትጀምር ለሚቀጥለው ዓመት ይደርስላታል።

የሬዲዮውን 30,000 በሙሉ ወደ ወረቀት ማዞርም እንዳሰቡት አይሆንም። መጀመሪያ የተመረጡት ለሱቁ የቀረቡት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተጨማሪው 5,000 ወረቀት ራቅ ወዳሉት ይሄድና 20 ገዢ ብቻ ቢያመጣ፣ ያው 10,000 ብር ቅናሹ ሳይታሰብ እንኳ በአንድ ገዢ 500 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር አማካይ ዋጋ ስለሚቀጥለው ዙር አይመሰክርም። ስለዚህ በ2,000 ብር 1,000 ወረቀት ለአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ማደል፣ ሳምንት ጠብቆ ገዢውን መቁጠርና አዲስ ደንበኛ ከ300 ብር በታች እስከመጣ ድረስ ብቻ መቀጠል ይሻላል። ቁጥሩ ከዚያ ሲያልፍ የተረፈው ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጣል፤ 60,000ው የተመደበው ለ200 ጥንድ እንጂ ተሟጦ እንዲያልቅ አልነበረም።